ስልኩ ላፕቶፑን ያየዋል፣ ፋይሉ ግን አይደርስም፦ ሎካልሴንድ፣ የቤት ራውተር እና የዊንዶውስ ፋየርዎል

የሠርግ ካሜራ

ጤና ይስጥልኝ። በስልክ የማነሳቸውን የሠርግ ቪዲዮዎች ወደ ላፕቶፕ የማዛውረው ሎካልሴንድ በተባለው መተግበሪያ፣ በቤቴ ራውተር ዋይፋይ በኩል ነው። በአሮጌው ላፕቶፕ ሥራው ያለ ምንም ችግር ይሄድ ነበር። አሁን ግን ዊንዶውስ 11 ያለበት ሌላ ላፕቶፕ መጠቀም ከጀመርኩ ወዲህ ነገሩ በአንድ በኩል ብቻ የሚሠራ ሆኗል። ከላፕቶፑ ወደ ስልኩ በምልክበት ጊዜ ፋይሉ ወዲያው ይደርሳል። ከስልኩ ወደ ላፕቶፑ በምልክበት ጊዜ ግን የላፕቶፑ ስም በስልኩ ላይ ይታየኛል፣ እነካዋለሁ፣ መልስ እየጠበቀ እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣና ጥቂት ቆይቶ አልተቻለም ይላል። በላፕቶፑ ስክሪን ላይ ግን «ልቀበል ወይስ አልቀበል» የሚለው ጥያቄ ጭራሽ አይመጣም።

ሁለቱም ከአንድ ዋይፋይ ጋር የተገናኙ መሆናቸውን አረጋግጫለሁ። ራውተሩን አጥፍቼ አብርቻለሁ፤ መተግበሪያውንም ከላፕቶፑ ላይ አራግፌ እንደገና ጭኛለሁ፤ ለውጥ የለም። የስልኬ የኬብል መሰኪያ ስለላላ ኮፒው በመካከል ይቋረጣል፤ ስለዚህ ኬብል መፍትሔ አይሆነኝም። አንዱ ቪዲዮ ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል። የሚያውቅ ሰው ቢረዳኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከጎንደር

ወንድሜ፣ ለምን ይህን ያህል ይደክማሉ? በቴሌግራም «Saved Messages» ውስጥ ቪዲዮውን እንደ ፋይል አድርገው ይላኩና በላፕቶፑ ቴሌግራም ያውርዱት። እኔ ሁልጊዜ የማደርገው እንዲህ ነው፤ ጥራቱም አይቀንስም።

የሠርግ ካሜራ

አመሰግናለሁ፤ ለፎቶ እና ለአጫጭር ቪዲዮ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ክፍያ ለማይከፍል ተጠቃሚ ቴሌግራም በአንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም። የእኔ ፋይሎች ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣሉ። በዚያ ላይ አንዱን ፋይል ወደ ኢንተርኔት መስቀል፣ ከዚያም መልሶ ማውረድ ማለት ከጥቅሌ ላይ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ስልኩና ላፕቶፑ በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ፋይሉ ውቅያኖስ ተሻግሮ እንዲመለስ አልፈልግም።

ሰናይት

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባና ልጠይቅ። በዋይፋይ ሲዛወር እኮ ያው ከኢንተርኔት ጥቅሉ ላይ ይቀነሳል ብዬ ነበር የማስበው። አይቀነስም ማለት ነው?

ኔትወርክ ጠጋኝ

እህቴ፣ አይቀነስም። በእንዲህ ዓይነቱ ዝውውር ፋይሉ ከስልኩ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ላፕቶፑ ይሄዳል እንጂ ከቤት አይወጣም። የኢንተርኔቱ መስመር ከራውተሩ ቢነቀል እንኳ ራውተሩ መብራት እስካገኘ ድረስ ዝውውሩ ይቀጥላል። ልብ ሊሉት የሚገባው አንድ ነገር ብቻ አለ። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ አንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብለው በራሳቸው ወደ ሞባይል ዳታ ይቀየራሉ። ያን ጊዜ ስልኩ ከቤቱ ኔትወርክ ይወጣና ላፕቶፑን ማየት ያቆማል። ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝቶ ይቆይ እንደሆነ ሲጠየቁ ይቆይ ማለት ነው፤ ወይም ዳታውን ማጥፋት ይቻላል።

የሠርግ ካሜራን ጥያቄ በተመለከተ ማታ ተመልሼ በሰፊው እጽፋለሁ፤ በአንድ በኩል ብቻ የሚሠራ መሆኑ ብዙ ነገር ይናገራል።

ራውተር ባለሙያ

ይህ የታወቀ ችግር ነው፤ ጥፋቱ የራውተሩ ነው። ብዙ ራውተሮች በዋይፋይ የተገናኙ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው እንዳይነጋገሩ የሚከለክል ማስተካከያ አላቸው፤ በገጻቸው ላይ «AP Isolation» ወይም «SSID Isolation» ተብሎ ይገኛል። ለማረጋገጥ ከፈለጉ በስልክዎ ላይ የፒንግ መተግበሪያ ይጫኑና የላፕቶፑን አይፒ አድራሻ ፒንግ ያድርጉ። መልስ ካልመጣ ራውተሩ ለያይቷቸዋል ማለት ነው።

የሠርግ ካሜራ

እንዳሉት አደረግሁ። የላፕቶፑ አድራሻ 192.168.1.7 ነው፤ ከስልኩ ፒንግ ሳደርገው አንድም መልስ አልመጣም። በራውተሩ ገጽ ላይ ግን የተባለውን ማስተካከያ ፈልጌ አገኘሁትና ምልክት አልተደረገበትም፤ ጠፍቶ ነው ያለው። ታዲያ አሁንም የራውተሩ ችግር ነው ማለት ይቻላል?

ኔትወርክ ጠጋኝ

አይቻልም፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

ራውተር ባለሙያ ያነሱት ማስተካከያ በእርግጥ አለ፤ ብዙ ሰውም በእርሱ ይቸገራል። ነገር ግን እርሱ ቢሆን ኖሮ ግንኙነቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሞት ነበር። ጠያቂው ከላፕቶፑ ወደ ስልኩ ፋይል ይልካሉ፤ ይደርሳልም። ስለዚህ ራውተሩ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ አልዘጋም። አንዱ አቅጣጫ ሠርቶ ሌላው ሲቀር መጀመሪያ የሚጠረጠረው በተቀባዩ ደጃፍ ላይ የቆመው ዘበኛ ነው። የዊንዶውስ ፋየርዎል ሳይነካ ሲቀር ከላፕቶፑ የሚወጣውን ሁሉ ያሳልፋል፤ ከውጭ ሳይጠራ የሚመጣውን ግን ፈቃድ ከሌለው ዝም ብሎ ይጥለዋል። ሎካልሴንድ ደግሞ ፋይል ለመቀበል በተቀባዩ ላይ ፖርት 53317ን ከፍቶ ላኪው እንዲመጣ ይጠብቃል። ላፕቶፑ ሲልክ እርሱ ነው ወደ ስልኩ የሚሄደው፤ ስልኩ ሲልክ ግን ስልኩ ነው ወደ ላፕቶፑ የሚመጣው።

«ታዲያ ስልኩ የላፕቶፑን ስም እንዴት ሊያይ ቻለ?» የሚል ሰው ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መተግበሪያው ሲከፈት «እዚህ ነኝ» የሚል አጭር መልእክት በኔትወርኩ ላይ ለሁሉም ይበትናል። የላፕቶፑ መልእክት ወደ ውጭ የሚወጣ ስለሆነ ፋየርዎሉ አይከለክለውም፤ ስልኩም ሰምቶ ስሙን ይመዘግባል። እንግዲህ ስም መታየቱ ላፕቶፑ ሊናገር እንደሚችል ያሳያል እንጂ ሊሰማ እንደሚችል አያሳይም።

የፒንጉ ነገር ደግሞ ብዙ ሰውን ያሳስታል። ዊንዶውስ ማንም ሳይነካው ለፒንግ አይመልስም፤ ያንንም የሚከለክለው ራሱ ፋየርዎሉ ነው። ስለዚህ ከስልክ ወደ ላፕቶፕ የሚደረግ ፒንግ መልስ ማጣቱ ስለ ራውተሩ የሚነግረን ነገር የለም። ፈተናው መደረግ ያለበት በሌላው አቅጣጫ ነው። በስልኩ ላይ ሎካልሴንድን ክፍት አድርገው፣ የስልኩን አይፒ አድራሻ ይዘው፣ በላፕቶፑ ፓወርሼል ላይ ይህን ይጻፉ፤ አድራሻውን በእርስዎ ስልክ አድራሻ ይተኩት።

```
Test-NetConnection 192.168.1.5 -Port 53317
```

በመጨረሻው መስመር ላይ `TcpTestSucceeded : True` ካለ ራውተሩ ነጻ ነው።

ከዚያ በተቃራኒው ይፈትኑ። ላፕቶፑ ላይ ሎካልሴንድ ክፍት ሆኖ ሳለ የስልኩን ብሮውዘር ይክፈቱና `https://192.168.1.7:53317` ብለው ይጻፉ። «የዚህ ገጽ ሰርተፍኬት አይታመንም» የሚል ማስጠንቀቂያ ወይም ማንኛውም ዓይነት የስሕተት መልስ ወዲያው ከመጣ ስልኩ ላፕቶፑ ጋር ደርሷል ማለት ነው፤ ማስጠንቀቂያው መተግበሪያው ሰርተፍኬቱን ራሱ ስለሚሠራ የሚመጣ ነውና አያስደንግጥዎ። ገጹ ዝም ብሎ ሲሽከረከር ቆይቶ `ERR_CONNECTION_TIMED_OUT` ካለ ግን ፋየርዎሉ እየጣለው ነው። መተግበሪያው ላፕቶፑ ላይ ተዘግቶ ከሆነም ውጤቱ ይኸው ስለሚሆን መከፈቱን አስቀድመው ያረጋግጡ።

የሠርግ ካሜራ

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለቱንም ፈተናዎች አደረግሁ። የመጀመሪያው `True` አለ። በስልኩ ብሮውዘር ያለው ግን ረጅም ጊዜ ሲሽከረከር ቆይቶ እንዳሉት ጊዜው አልፏል የሚለውን መልእክት አወጣ። ስለዚህ ፋየርዎሉ መሆኑ ተረጋገጠ። አሁን ምን ላድርግ?

ቀላል መንገድ

ፋየርዎሉን ማጥፋት ነው። እኔ ኮምፒውተር ስገዛ መጀመሪያ የማደርገው እርሱን ነው፤ ምንም ሆኜ አላውቅም። ማጥፋት ካልፈለጉ ደግሞ ፖርቱን ብቻ ይክፈቱ፤ ፓወርሼልን እንደ አድሚኒስትሬተር ከፍተው ይህን ይጻፉ፤ አለቀ።

```
New-NetFirewallRule -DisplayName "LocalSend" -Direction Inbound -Protocol TCP -LocalPort 53317 -Action Allow
```

የሠርግ ካሜራ

ማጥፋቱን አልወደድኩትም፤ ላፕቶፑን ይዤ ሆቴልና አዳራሽ ስለምሄድ ከማላውቀው ዋይፋይ ጋር እገናኛለሁ። ፖርቱን የሚከፍተውን ትእዛዝ ግን ጽፌ ያለ ስሕተት ተቀበለኝ፤ ደንቡም በዝርዝሩ ውስጥ ይታያል። ሆኖም ስልኩ አሁንም አይልክም፤ ብሮውዘሩም እንደ ቀድሞው ይሽከረከራል። ግራ ገባኝ።

ኔትወርክ ጠጋኝ

የሰጡት መረጃ ነገሩን ወደ አንድ ቦታ ያጠበዋል። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ሎካልሴንድ በዚህ ላፕቶፕ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ከዊንዶውስ በኩል «ይህን መተግበሪያ በኔትወርኩ ላይ ይፍቀዱ?» የሚል መስኮት መጥቶ ነበር? መጥቶ ከነበረ ምን ተደረገ?

የሠርግ ካሜራ

ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተችው ታናሽ እህቴ ናት። ጠየቅኋት፤ አንድ መስኮት መጥቶ እንደነበርና «Cancel» ብላ እንደዘጋችው ታስታውሳለች። ከዚያ በኋላ ግን ተመልሶ አልመጣም፤ መተግበሪያውን አራግፌ ስጭነው እንኳ አልመጣም።

ኔትወርክ ጠጋኝ

ችግሩ እዚያ ላይ ነው፤ እህትዎም ያደረገችው ማንኛውም ጠንቃቃ ሰው የሚያደርገውን ነው። ያ መስኮት ሲሰረዝ ዊንዶውስ ጉዳዩን በይደር አይተወውም። ለዚያ መተግበሪያ ከልካይ ደንቦችን ራሱ ይጽፋል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ለቲሲፒ፣ አንዱ ለዩዲፒ። ደንቦቹ የሚያያዙት መተግበሪያው ካለበት ፎልደር አድራሻ ጋር ነው፤ ስለዚህ አራግፈው እዚያው ቦታ ሲጭኑት ደንቦቹ እንዳሉ ይጠብቁታል። ዊንዶውስም «ለዚህ መተግበሪያ ውሳኔ አለኝ» ብሎ ስለሚያስብ ሁለተኛ አይጠይቅም።

አሁን ዋናው ነገር ይህ ነው፦ በዊንዶውስ ፋየርዎል ፈቃጅ ደንብና ከልካይ ደንብ በአንድ ግንኙነት ላይ ሲጋጩ የሚያሸንፈው ከልካዩ ነው። የትኛው ቀድሞ ተጻፈ፣ የትኛው ኋላ መጣ የሚለው ለውጥ አያመጣም። ቀላል መንገድ የሰጡት ትእዛዝ በራሱ ትክክል ነው፤ ከልካይ ደንብ በሌለበት ላፕቶፕ ላይ ይሠራ ነበር። እዚህ ግን ፈቃጅ ደንብ ቢደራረብም ከልካዩ እስካለ ድረስ ፍሬ የለውም።

በዐይንዎ እንዲያዩት ይህን ይጻፉ፦

```
Get-NetFirewallRule -DisplayName "*localsend*" | Format-Table DisplayName, Profile, Direction, Action
```

የሠርግ ካሜራ

በትክክል እንዳሉት ነው። ሦስት መስመር ወጣ። ሁለቱ `Inbound` እና `Block` ይላሉ፤ በ`Profile` ሥር ደግሞ `Private, Public` ተጽፏል። ሦስተኛው እኔ የጨመርኩት `Allow` ነው።

ኔትወርክ ጠጋኝ

መልካም። ሦስቱንም ያጥፏቸው፤ የጨመሩትንም ጭምር። ዊንዶውስ እንደገና እንዲጠይቅዎ ስለምፈልግ ነው። በትእዛዝ ማጥፋት ይቻላል፤ ነገር ግን በስክሪን ላይ እያዩ ቢያጠፉ ይሻላል። የዊንዶውስን ቁልፍና አርን አብረው ይጫኑ፣ `wf.msc` ብለው ያስገቡ፣ በግራ በኩል «Inbound Rules»ን ይክፈቱ። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ስለሚደረደር ኤል ላይ ይፈልጉት። ፈቃጅ ደንብ አረንጓዴ ምልክት አለው፣ ከልካዩ ቀይ። ሎካልሴንድ የሚሉትን ብቻ መርጠው ያጥፉ፤ ሌላውን አይንኩ።

መተግበሪያውን እንደገና ከመክፈትዎ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። ዊንዶውስ 11 አዲስ ዋይፋይ ሲያገኝ «Public network» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ማለትም እንደ ሆቴል ዋይፋይ ይቆጥረዋል። የቤትዎን ዋይፋይ ወደ «Private network» ይለውጡት። በ«Settings» ውስጥ «Network & internet»፣ ከዚያ «Wi-Fi»፣ ከዚያ የዋይፋዩ ስም ያለበትን የ«properties» መስመር ሲከፍቱ ሁለቱን ምርጫዎች ያገኛሉ። መለወጡን ለማረጋገጥ፦

```
Get-NetConnectionProfile
```

`NetworkCategory : Private` ካለ ይበቃል። አሁን ሎካልሴንድን ዘግተው ይክፈቱት። መስኮቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ለግል ኔትወርክ ብቻ ይፍቀዱ፣ ለሕዝብ የሚለውን ይተዉት። እንዲህ ሲሆን በቤትዎ ይቀበላል፤ በአዳራሹ ዋይፋይ ላይ ግን ፋየርዎሉ እንደተዘጋ ይቆያል። እርስዎ የሚፈልጉትም ይህን ይመስለኛል።

በመተግበሪያው ማስተካከያ ውስጥ ሳይጠይቅ ፋይል የሚቀበለው «Quick Save» ከበራ ደግሞ ከቤት ሲወጡ ያጥፉት።

የሠርግ ካሜራ

ሠራ! ደንቦቹን አጠፋሁ፣ ዋይፋዩን ወደ ግል ለወጥሁ፣ መተግበሪያውን ስከፍት መስኮቱ መጣና ፈቀድሁ። ከስልኩ በምልክበት ጊዜ በላፕቶፑ ላይ የመቀበያው ጥያቄ ወዲያው ብቅ አለ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለእህቴም አስነበብኳት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ፍጥነቱ በሰከንድ 5 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ 6 ጊጋባይቱ ወደ 20 ደቂቃ ወሰደ። ይህ የተለመደ ነው?

ኔትወርክ ጠጋኝ

ስልኩ ወይም ላፕቶፑ በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ላይ ከሆነ የተለመደ ነው፤ በተለይ ጎረቤቱ ሁሉ ራውተር ባለበት ኮንዶሚኒየም። ራውተርዎ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ሁለቱንም ወደዚያ ያዛውሯቸውና ራውተሩ ባለበት ክፍል ይሁኑ፤ ልዩነቱን ወዲያው ያዩታል። ራውተሩ ላይ ትርፍ የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ ካለ ደግሞ ላፕቶፑን በኬብል ያገናኙት። ሁለቱም በዋይፋይ ሲሆኑ አንዱ ፋይል በአየር ላይ ሁለት ጊዜ ይጓዛል፣ አንዴ ወደ ራውተሩ፣ አንዴ ከራውተሩ። ላፕቶፑ በኬብል ከሆነ አንዱ ጉዞ ይቀራል።

የሻርጃው

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምኖረው በሻርጃ ነው፤ ከሌሎች ሰዎች ጋር በአንድ ቤት፣ በአከራዩ ዋይፋይ። ከላይ የተባለውን ሁሉ አደረግሁ፤ የከልካይ ደንብ የለኝም፣ ኔትወርኩም ግል ነው። ነገር ግን በየትኛውም አቅጣጫ አልሠራ አለኝ፤ ስልኬና ላፕቶፔ እርስ በርሳቸው ስማቸውን እንኳ አያዩም። የመጀመሪያው ፈተና `False` ይላል።

ራውተር ባለሙያ

የእርስዎ እኔ መጀመሪያ ያልኩት ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ከሞተ ራውተሩ ለያይቷችኋል። ምናልባት አከራዩ የሰጣችሁ የእንግዳ ዋይፋይ ይሆናል፤ በእንግዳ ዋይፋይ ላይ መለያየቱ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው የበራ ነው።

ኔትወርክ ጠጋኝ

እስማማለሁ። ከዚያ በፊት ግን በስልኩ ላይ ቪፒኤን እንዳልበራ ይመልከቱ፤ እርሱም ይህንኑ መልክ ሊሰጥ ይችላል። ቪፒኤን ከሌለ የአከራዩን ራውተር እንዲለውጡልዎ መጠየቅ አይጠበቅብዎትም፤ ብዙ ሰው በሚጋራው ቤት መለያየቱ ለእርስዎም ጥበቃ ነው። ይልቅ የስልክዎን ሆትስፖት ያብሩና ላፕቶፑን ከእርሱ ጋር ያገናኙት። ያን ጊዜ ራውተሩ ስልክዎ ራሱ ይሆናል፤ በመካከል የሚለያይ የለም። የሞባይል ዳታውን ያጥፉት፤ አለዚያ ላፕቶፑ ዕድሉን ሲያገኝ የዊንዶውስ ማሻሻያ ማውረድ ይጀምራል። ዊንዶውስ ሆትስፖቱን አዲስ ኔትወርክ አድርጎ ስለሚመዘግበው እርሱንም ወደ ግል መለወጥ አይርሱ።

የሻርጃው

በሆትስፖት ሠራልኝ። አመሰግናለሁ።

ኡቡንቱ ተጠቃሚ

ለሚመለከተው፦ እኔ ቤት ላፕቶፑ ኡቡንቱ ነው። የፋየርዎሉ መሣሪያ ሲጫን ጠፍቶ ስለሚመጣ ብዙ ሰው ይህ አይገጥመውም። አብርተውት ከሆነ ግን ያው በአንድ በኩል ብቻ የመሥራት ችግር ይመጣል። እኔ የፈታሁት ለቤቱ ኔትወርክ ብቻ በመፍቀድ ነው።

```
sudo ufw allow from 192.168.1.0/24 to any port 53317
```

ቲሲፒ ወይም ዩዲፒ ብሎ ስላልለየ ለሁለቱም ይፈቅዳል። ኬዲኢ ኮኔክትን የምትጠቀሙ ደግሞ የእርሱ ፖርቶች ሌላ ናቸው፤ ከ1714 እስከ 1764 ያሉት፣ በቲሲፒም በዩዲፒም።

ሁለት ራውተር

የእኔ ችግር የጠያቂው ግልባጭ ነው፤ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር የአይፒ አድራሻውን በእጄ ስጽፍ ይሄዳል፣ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ ግን በምንም መንገድ አይሄድም፣ ስምም አይታይም። ቤታችን ባለ ፎቅ ስለሆነ ዋይፋዩ እንዲደርስ ላይ ሁለተኛ ራውተር ጨምረናል፤ ስልኩ ያለው ፎቅ ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩ ታች። የስልኩ ፋየርዎል ይሆን?

ኔትወርክ ጠጋኝ

የሁለቱን አድራሻ ይመልከቱ። ኮምፒውተሩ 192.168.1 ብሎ ጀምሮ ስልኩ ለምሳሌ 192.168.0 የሚል ከሆነ ሁለተኛው ራውተር ለራሱ ሌላ ኔትወርክ ፈጥሯል። ከላይኛው የሚወጣው ወደ ታችኛው ይደርሳል፤ ከታች የሚመጣውን ግን የላይኛው ራውተር ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም። «እዚህ ነኝ» የሚለው መልእክትም በሁለቱ መካከል አያልፍም፤ ስም የማይታየው ለዚህ ነው። ሁለተኛውን ራውተር ወደ «Access Point» አሠራር ይለውጡት። ያ ምርጫ ከሌለው ራሱ አድራሻ ማደሉን አጥፍተው፣ የራሱንም አድራሻ ከመጀመሪያው ጋር እንዳይጋጭ ለውጠው፣ ከታች የሚመጣውን ኬብል ከኢንተርኔት መሰኪያው አውጥተው ከተራ መሰኪያዎቹ በአንዱ ይሰኩት።

ሁለት ራውተር

አድራሻዎቹ እንዳሉት የተለያዩ ናቸው። «Access Point» የሚል ምርጫ አላገኘሁም፤ ሁለተኛውን መንገድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤተሰቡ ኢንተርኔት በማይጠቀምበት ሰዓት እሞክረዋለሁ።

የሠርግ ካሜራ

ወደ ክሩ መመለሴ አዲስ ነገር ስላየሁ ነው። ለጥቂት ቀናት በደንብ ከሠራ በኋላ ትናንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ስልኩ እንደገና መላክ አቃተው። `Get-NetConnectionProfile` ስጽፍ `Public` ሆኖ አገኘሁት። ደንቦቹን አየሁ፤ ከልካይ የለም፣ ፈቃጁ አለ፣ ግን ለ`Private` ብቻ። መልሼ ወደ ግል ስለውጠው ሠራ። መብራት በጠፋ ቁጥር ይህን ማድረግ ይኖርብኛል?

ቀላል መንገድ

እኔ ያልኩት ይሻል ነበር እኮ፤ ደንቡን ለሁሉም ኔትወርክ ቢፈቅዱት ይህ አይመጣም።

ኔትወርክ ጠጋኝ

ይሠራል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ በአዳራሹ ዋይፋይ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ፖርቱ ይደርሳል። ላፕቶፑ ከቤት የማይወጣ ቢሆን ኖሮ አልቃወምም ነበር።

የሠርግ ካሜራ፣ አንድ ጥርጣሬ አለኝ። ዊንዶውስ ግል ወይም ሕዝብ የሚለውን የሚመዘግበው ለእያንዳንዱ የዋይፋይ ስም ለየብቻ ነው። ራውተርዎ ሁለት ስም የሚያሰራጭ ከሆነ፣ አንዱ ለ2.4 አንዱ ለ5 ጊጋኸርዝ፣ እርስዎ ግል ያደረጉት አንዱን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ መብራት ሲመለስ ላፕቶፑ ቀድሞ ካገኘው ከሌላው ጋር ይገናኛል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲደርስ ከትእዛዙ ውጤት `Name` የሚለውን መስመር ይመልከቱ፤ ስሙ ከበፊቱ የተለየ ከሆነ ያንንም ስም አንድ ጊዜ ግል ማድረግ ይበቃል። ስሙ ያው ሆኖ ሳለ ወደ `Public` ከተመለሰ ግን ምክንያቱ ሌላ ነውና ውጤቱን ሙሉውን እዚህ ይለጥፉልን።

የሠርግ ካሜራ

ራውተሩ በእርግጥ ሁለት ስም አለው፤ ፍጥነቱን ለመጨመር ወደ 5 ጊጋኸርዙ የቀየርኩትም በምክርዎ መሠረት ነበር። አሁን ያለሁት በየትኛው እንደሆነ ስሙን ጻፍኩት። መብራት ሲሄድ አይቼ እመለሳለሁ።